ለትምህርት ቤት የሚጻፍ የልጅ ምዘና ሪፖርት፦ በፈተና፣ በዘርፍ ወይስ በጥያቄ ይዋቀር?

አንድ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይልከዋል። ባለሙያው ልጁን ይፈትናል፣ ወላጆቹን ያነጋግራል፣ ደብተሩን ያገላብጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምዘናው በደንብ ተሠርቶ፣ ወረቀቱ ግን ማህተም ተደርጎበት ከርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ይገባል፤ እዚያው ይቀራል። መምህሩ አንብቦት ምን ማድረግ እንዳለበት አልገባውምና።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ቤት ሪፖርት ለሚጽፉ ነው፤ በተለይ በጎጃም ወረዳዎች ለሚሠሩ የሥነ ልቦናና የልዩ ፍላጎት ባለሙያዎች፣ ለተለማማጆችም። የሪፖርቱን ዋና አካል ማዋቀር የሚቻልባቸው የታወቁ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ በፈተና ቅደም ተከተል ነው፤ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት፣ የሁለተኛው፣ የሦስተኛው እያለ ይሄዳል። ሌላው በዘርፍ ነው፤ ቋንቋ፣ ንባብ፣ ሂሳብ፣ ትኩረት፣ ባህርይ ተብሎ ይከፈላል። ሦስተኛው በጥያቄ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የጠየቀው ነገር ራሱ ርዕስ ይሆንና ከሥሩ መልሱ ይጻፋል። የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር፦ ለትምህርት ቤት ከሆነ ሦስተኛው። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ የማይሆንበትን ቦታም አሳያለሁ።

አንድ ልጅ፣ ሦስት አጻጻፍ

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ልጅ እንያዝ። ማንም እንዳይታወቅ ከብዙ ልጆች የተውጣጣ ነው። አንለይ እንበለው። ከደምበጫ ወጣ ባለ ገጠር የሚኖር፣ 4ኛ ክፍል የደረሰ፣ እናቱ እንደሚሉት 10 ዓመት የሞላው ልጅ ነው። 1ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ቄስ ትምህርት ቤት ተምሯል። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሁለት መስመር ነው፦ «ተማሪው ለትምህርት ፍላጎት የለውም። ተመርምሮ ውጤቱ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

በምዘናው የተገኘው ይህ ነው። ሀሁን በለመደው ዜማ ከላይ እስከ ታች ሲያወርደው አንድም አይስትም። ፊደሉ ተደባልቆ በወረቀት ሲቀርብለት ግን በ1 ደቂቃ 57 ሞክሮ 31 ብቻ አገኘ። ከሳታቸው 26 ፊደላት በ19ኙ ቤተሰቡን አውቆታል፤ የሳተው ቅጥያውን ነው። «ቤ»ን «ቢ»፣ «ላ»ን «ለ» ይላል። ከ3ኛ ክፍል መጽሐፍ በተወሰደ ምንባብ በ1 ደቂቃ 14 ቃል በትክክል አነበበ። በዚያው ምንባብ የተፈተኑ 10 የክፍል ጓደኞቹ መሃል ላይ ያሉት ወደ 41 ቃል ያነባሉ፤ ዝቅተኛው 27 ነው። ራሱ ካነበበው ምንባብ ከ5 ጥያቄ 1 መለሰ። ተመሳሳይ ምንባብ ሲነበብለት ግን ከ5ቱ 4ቱን መለሰ። በሥዕል የማሰብ ችሎታን በሚፈትነው በሬቨን ባለ ቀለም ማትሪክስ ከ36 ጥያቄ 24 አግኝቷል፤ ጓደኞቹ ከ17 እስከ 28 አግኝተዋል። የሂሳብ የቃል ፕሮብሌም ራሱ አንብቦ ሲሠራ ከ6 1፣ ሲነበብለት ከ6 5። በመጨረሻም ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ፦ ሲጠሩት የግራ ጆሮውን ያዞራል። እናቱ ሲጠየቁ ቀኙ በልጅነቱ ለረጅም ጊዜ መግል ይወጣው እንደነበር ተናገሩ።

አሁን ይህ በፈተና ቅደም ተከተል ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«በሬቨን ባለ ቀለም ማትሪክስ ከ36 ጥያቄ 24 መልሷል፤ ይህም ከእኩዮቹ ጋር የሚቀራረብ ነው። በፊደል ማወቅ ፈተና በ1 ደቂቃ 31 ፊደል አንብቧል። በንባብ ፈተና 14 ቃል አንብቧል። በማዳመጥ ፈተና ከ5 ጥያቄ 4 መልሷል።»

ውሸት የለበትም። ነገር ግን ማገናኘቱን ለአንባቢው ትቶለታል። ስም ጠሪው መምህር ከዚህ ላይ የሚያነሳው የመጀመሪያውን መስመር ነው፦ «አእምሮው ደህና ነው ብለዋል፤ እንግዲያውስ ያልኩት ልክ ነው፣ ስንፍና ነው።» ሪፖርቱ ልጁን ሊረዳ ተጽፎ ለክሱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። መምህሩ ላይ አልፈርድም። በማዳመጥ 4 ማግኘቱና አንብቦ 1 ማግኘቱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ የሚናገሩት ነገር ለባለሙያ ካልሆነ በቀር አይታይም።

በዘርፍ ሲጻፍ ይሻሻላል፦

«ንባብ። አንለይ የፊደል ቤተሰቦችን ለይቶ ያውቃል። የሚቸገረው ቅጥያቸውን በመለየት ነው፤ ከሳታቸው 26 ፊደላት 19ኙ እንዲህ ያሉ ናቸው። በዚህም የተነሳ ንባቡ በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ከመካከለኛ የክፍል ጓደኞቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ያነባል። ቋንቋ። የተነገረውን በደንብ ይረዳል፤ ሲነበብለት ከ5 ጥያቄ 4 መልሷል።»

እዚህ የተለያዩ ፈተናዎች አንድ ላይ መጥተው አንድ ነገር ይናገራሉ። ሌላ ባለሙያ ቢያነበው ይወደዋል፤ የሚፈልገውን ርዕስ በቀጥታ ያገኛልና። ለመምህሩ ግን አሁንም አንድ እርምጃ ይቀረዋል። ንባብ አንድ ገጽ ላይ ነው፣ ቋንቋ ሌላ ገጽ ላይ፣ ሂሳብ ከዚያ ወዲያ። የመምህሩ ጥያቄ ደግሞ በሦስቱም መካከል ነው ያለው።

በጥያቄ ሲጻፍ፦

«ጥያቄ 1። አንለይ ማንበብ ያቃተው ለምንድን ነው? ነገር ስለማይገባው አይደለም። ምንባብ ሲነበብለት ከ5 ጥያቄ 4 ይመልሳል፤ ራሱ ሲያነብ ግን 1 ብቻ። ያቃተው የፊደሉን ቅጥያ ፈጥኖ መለየት ነው። ሀሁን በዜማ ስለሚያወርደው ፊደል የጨረሰ ይመስላል። ተደባልቆ ሲቀርብለት ግን ከሁለት አንዱን ያህል ይስታል።

ጥያቄ 2። ሂሳብስ? ጥያቄው ሲነበብለት ከ6 5 ይሠራል፤ ራሱ ሲያነብ ከ6 1። በሂሳብ ዝቅ ያለ ውጤት የሚያመጣው በአብዛኛው ጥያቄውን ማንበብ ስለማይችል ነው።»

ልዩነቱ በቃላት ማማር አይደለም። ከሦስቱ አጻጻፎች ስንፍና የሚለውን ግምት ፊት ለፊት የሚመልሰው ይህኛው ብቻ ነው። ደብዳቤው የጠየቀው «ፍላጎት የለውም» በሚል ስለነበር መልሱም እዚያው ላይ ማረፍ አለበት።

ስለ ዜማው ትንሽ ልጨምር፤ በጎጃም ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነውና። ቄስ ትምህርት ቤት የቆየ ልጅ ፊደል ገበታውን በቦታና በዜማ ይይዛል። ጣቱን እያስኬደ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ቢወርድ እያነበበ ይሁን እያስታወሰ ከውጭ አይለይም። አቡጊዳ የተባለው ሁለተኛው አደራደር ልጁን ከዚህ ለማላቀቅ የኖረ ዘዴ ነው፤ እሱም በበኩሉ በቃል ይያዛል። ስለዚህ ሪፖርቱ «ፊደል ለይቷል» ብሎ ብቻ ካለፈ ዋጋ የለውም። እንዴት እንደተፈተነ፣ በገበታው ቅደም ተከተል ነው ወይስ ተደባልቆ፣ መጻፍ አለበት።

ጥያቄው ከየት ይመጣል?

በጥያቄ የማዋቀር ትልቁ ችግር ይህ ነው። ትምህርት ቤቶች ጥሩ ጥያቄ አይልኩም። «ተመርምሮ ይገለጽልን» ጥያቄ አይደለም። እሱን ርዕስ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ተመልሶ ወደ ፈተና ዝርዝር ይወድቃል።

ስለዚህ ከምዘናው በፊት ስም ጠሪውን መምህር በአካል፣ ካልሆነም በስልክ ማግኘት ያስፈልጋል። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ወረቀቱ እጅዎ ሲገባ ምንድን ነው የሚወስኑበት?» ይህ ከ«ምን ቸገረው?» የተሻለ መልስ ያመጣል። ስለ ልጁ ችግር ሲጠየቁ ስሞታ ይመጣል፤ ስለ ውሳኔ ሲጠየቁ ግን ጉዳዩ ራሱ ይወጣል። የአንለይ መምህር መልስ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ይድገም ወይስ ይለፍ የሚለው ነው ያስቸገረን። ሂሳቡም አብሮ ወደቀ። ደግሞ ከ60 ልጅ መሃል ለሱ ብቻ ምን ላድርግለት?» በቃ፣ ሪፖርቱ ተዋቀረ። ማንበብ ለምን አቃተው፣ ሂሳቡስ፣ መድገም ይጠቅመዋል ወይ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል። አራት ጥያቄ። ከአራትና ከአምስት ካለፈ የተጠየቀው ሳይሆን የባለሙያው ጉጉት እየገባበት ነው።

ወላጅም ጥያቄ አላቸው፣ የእነሱም ከመምህሩ ጎን ቢቀመጥ ጥሩ ነው። የአንለይ እናት የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ «ልጄ ከብት ሲጠብቅ አንድ አይጠፋበትም፤ ታዲያ ፊደሉ ምን ሆኖበት ነው?» ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከጥያቄ 1 ጋር አንድ ነው።

የጥያቄ አደረጃጀት ሁለተኛ አደጋም አለው። ያልተጠየቀ ነገር ይጠፋበታል። የአንለይን ጆሮ ማንም አልጠየቀም። ከአራቱ ጥያቄዎች በአንዱ ሥር በግድ ቢገባ ይሸፈናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጥያቄዎቹ በኋላ «ሳይጠየቅ የተገኘ» የሚል አጭር ክፍል እተዋለሁ። የአንለይ ሪፖርት ላይ እዚያ የሚገባው፦ «ሲጠሩት የግራ ጆሮውን ያዞራል፤ ቀኙ ለረጅም ጊዜ መግል ይወጣው ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዶ ጆሮው እንዲታይ ለእናቱ ተነግሯል። እስከዚያው ከፊት፣ ግራ ጆሮው ወደ መምህሩ እንዲሆን አድርጎ ማስቀመጥ ይጠቅማል።»

በዘርፍ መጻፍ የሚሻልባቸው ጊዜያት

ሪፖርቱ ከትምህርት ቤቱ አልፎ የሚሄድ ከሆነ በዘርፍ የተዋቀረው ይመረጣል። ለምሳሌ ልጁ ባሕር ዳር ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ የሚላክ ከሆነ፣ ተቀባዩ መድገም አለመድገሙ አያስጨንቀውም። የሚፈልገው የቋንቋውን፣ የትውስታውን፣ የትኩረቱን ሁኔታ በየቦታው ማግኘት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁን ደግሞ የሚመዝነው ሰውም እንዲሁ፤ ርዕሱ አንድ ዓይነት ከሆነ የድሮውን ካሁኑ ማስተያየት ይቀለዋል። ጥያቄዎች በየዓመቱ ይለወጣሉ፣ ዘርፎች ግን አይለወጡም።

ሌላው ቋንቋ የተደባለቀበት ጉዳይ ነው። አዊ ዞን ውስጥ ቤቱ አውኚ እየተናገረ አድጎ በአማርኛ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሲመጣ፣ ከሁሉ በፊት ቋንቋ የሚል ራሱን የቻለ ክፍል መኖር አለበት። ቤት የሚነገረው የቱ ነው? ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት በየትኛው ያወራል? በስንት ዓመቱ አማርኛ ጀመረ? በሁለቱም ቋንቋ ተረት ተነግሮት ሲጠየቅ የቱን ይበልጥ ተረዳ? በአውኚ ደህና ተረድቶ በአማርኛ ካነሰ፣ የንባቡ ድክመት የመማር ችግር ነው ለማለት ገና ነው። ይህን ሳያጣራ «ማንበብ ለምን አቃተው?» ለሚለው መልስ የሚጽፍ ሰው በባዶ ላይ እየጻፈ ነው።

በፈተና ቅደም ተከተል የተጻፈ ሪፖርትስ? ለተለማማጅ ጥሩ ነው፤ አሠልጣኙ ፈተናው በትክክል መሰጠቱንና መታረሙን ለማየት ይጠቀምበታል። ለትምህርት ቤት አይሄድም። እንደ አባሪ ግን ቦታ አለው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ቁጥሩ የት ይቀመጥ?

ከአደረጃጀቱ እኩል የሚያከራክረው ይህ ነው። በተለይ ደረጃውን በጠበቀ ነጥብ የሚሠሩ ፈተናዎች ላይ። አብዛኞቹ የውጭ ፈተናዎች አማካዩን 100፣ መደበኛ ልይይቱን 15 አድርገው ነው የሚያወጡት። በዚህ ስሌት 85 ያገኘ ልጅ ከ100 እኩዮቹ ከ16ቱ ያህል ብቻ ይበልጣል። ዝቅ ወዳለው ጎን ያለ ውጤት ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን 85 ማለት ሌላ ነው። ማለፊያው 50 ነው፤ 85 የሚያሸልም ነው። መምህሩ «የማስታወስ ችሎታ፦ 85» ሲያይ ደስ ይለዋል። በተቃራኒው ልጁ ከ100 እኩዮቹ ከ40ዎቹ ያህል እንደሚበልጥ የሚገልጸውን ፐርሰንታይል 40 ሲያይ ከ100 40 አገኘ፣ ወደቀ ይላል፤ ያ ልጅ ግን መሃል ላይ ካሉት አንዱ ነው።

ማብራሪያ በግርጌ ጽፎ ማለፍ የሚበቃ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ግርጌ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከማብራሪያው ተነጥሎ በስብሰባ ላይ ይነገራል። ስለዚህ ዋናው ገጽ ላይ መምህሩ ራሱ ሊቆጥራቸው የሚችሉ ቁጥሮች ብቻ ይግቡ፦ በደቂቃ ስንት ቃል፣ ከስድስት ጥያቄ ስንት። ሌላው በሙሉ ወደ አባሪ ሰንጠረዥ ይሂድ፤ እዚያ በፈተና ቅደም ተከተል ይቀመጥ። ባለሙያ ሲመጣ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የማነጻጸሪያው ነው። ሌላ አገር ልጆች ላይ በተሠራ ሰንጠረዥ የገጠር ጎጃም ልጅን ነጥብ ማውጣት ይቻላል፤ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ግን ልጁን ሳይሆን በልጁና በዚያ አገር ትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ርቀት ነው የሚለካው። ዕድሜውም በእናት ግምት ከሆነ («የጥምቀት ማግሥት ነው፣ ዓመቱን ግን እንጃ») አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ሲል ነጥቡ አብሮ ይዘላል። ለዚህ ነው አንለይን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ያስተያየነው። ስም መጥሪያው ላይ በየስድስተኛው እየቆጠሩ 10 ልጅ ማውጣትና ያንኑ ምንባብ ማስነበብ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። መምህሩ ጎበዞቹን እንዲመርጥ መተው የለበትም፤ መምረጡ አይቀርምና።

ይህ ዘዴ አንድ ጥሩ ነገር ይጨምራል። በክልሉ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ልጁ ከ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ቢያንስ ላይገርም ይችላል። ጓደኞቹ ግን ያው ጊዜ ነው የጠፋባቸው። ከእነሱም በጣም ካነሰ ትምህርት በመቋረጡ ብቻ አይገለጽም። ሆኖም 10 ልጅ መለኪያ አይሆንም። ክፍተት መኖሩን ያሳያል እንጂ ክፍተቱ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይናገርም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሪፖርቱ ውስጥ እንዳለ መጻፍ ነው።

ስሙን መቼ እንሰጠዋለን?

ርዕሰ መምህሩ ለንባብ መማር ችግር የሚሰጠውን አንድ ቃል ይፈልጋል። «ዲስሌክሲያ ነው ወይስ አይደለም?» ባለሙያውም ቃሉን መስጠት ይቀለዋል። አወቃቀሩ እዚህ ላይ ወይ ያግዛል ወይ ያጠምዳል። «ምርመራ» የሚል ርዕስ አስቀድሞ የታተመበት ቅጽ የሚጠቀም ሰው ክፍተቱን በሆነ ነገር ይሞላዋል፤ ባዶ ሳጥን ደስ አይልም። በጥያቄ የሚጽፍ ሰው ግን «አሁን የምናውቀው»ን «ገና ያልታወቀው» ከሚለው መለየት ይችላል።

ለአንለይ ስሙን አልሰጥም። ዲኤስኤም 5 የተባለው የምርመራ መመሪያ የመማር ችግር ለማለት፣ ለችግሩ የታለመ እርዳታ እየተሰጠም ምልክቱ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን ይጠይቃል። የማየትና የመስማት ጉድለት፣ የማስተማሪያ ቋንቋውን አለመቻል ወይም በቂ ትምህርት አለማግኘት ችግሩን በተሻለ የሚያስረዱት እንዳይሆኑም ይላል። አንለይ ጆሮው ገና አልታየም። ቅጥያ ላይ ያተኮረ ትምህርትም ማንም ሰጥቶት አያውቅም። ስለዚህ ሪፖርቱ የሚለው፦ «የንባብ መማር ችግር የሚያስጠረጥር ጠንካራ ምልክት አለ። ስሙን ለመስጠት የጆሮ ምርመራውና ከታች የተጻፈው እርዳታ ውጤት ይጠበቃል። እርዳታው ግን ስሙን መጠበቅ የለበትም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈች ትምህርት ቤቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ምክሩ፦ ተበታትኖ ወይስ በአንድ ገጽ?

በጥያቄ ሲጻፍ ምክርን ከየመልሱ ሥር ማስቀመጥ ያጓጓል። አመክንዮው ያምራል፣ ለመጠቀም ግን አይመችም። መምህሩ አራት ቦታ እያገላበጠ አያነብም። ምክሩ ከሪፖርቱ ተገንጥሎ ክፍል ውስጥ ሊገባ የሚችል አንድ ገጽ ይሁን። እያንዳንዱ ምክር ማን፣ ምን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ የሚለውን ይያዝ። «ልዩ ትኩረት ይሰጠው» የሚለውን ዓይነት ጨርሶ መሰረዝ ነው፤ ይህን ተከትሎ ማንም ምንም ሲያደርግ አላየሁም።

የአንለይ ገጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የአማርኛ መምህር፦ በሳምንት 4 ቀን፣ ከክፍል በኋላ 20 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። ገበታውን ከላይ ወደ ታች አያስወርዱት። የአንድ ቤተሰብ ሁለት ቅጥያ ብቻ ይውሰዱ፤ መጀመሪያ ግዕዝና ራብዕ (ለ፣ ላ)። በትናንሽ ካርድ ጽፈው ደባልቀው ያስነብቡት። ከዚያ በሌሎች ቤተሰቦች (በ፣ ባ፣ መ፣ ማ)። ሳይሳሳት ሲፈጥን ሣልስና ኃምስን (ቢ፣ ቤ) ይጀምሩ። በመጨረሻም የተማራቸውን ፊደላት ብቻ የያዙ አጫጭር ቃላት።

የሂሳብ መምህር፦ በፈተና ጊዜ የቃል ፕሮብሌሙን ያንብቡለት። መልሱን ራሱ ይሥራ።

ሁሉም መምህራን፦ ሳይዘጋጅ በክፍል ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አይጥሩት።

ስም ጠሪ መምህር፦ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ያልተማረውን አንድ ምንባብ ለ1 ደቂቃ አስነብበው ትክክለኛ ቃላቱን ይቁጠሩ፤ ከታች ባለው ሰንጠረዥ ይጻፉ።»

60 ልጅ ላለበት ክፍል 20 ደቂቃ ብዙ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው። ለዚህ ነው ከመጻፉ በፊት መምህሩን መጠየቅ የሚያስፈልገው። 20 ካልሆነ 10 ደቂቃ ይሁን፣ መምህሩ ካልቻለ 7ኛ ክፍል የደረሰች እህቱ ካርዱን ትያዝ። የማይፈጸም ምክር ከሚጻፍ ትንሹ ቢጻፍ ይሻላል። በአቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት የአካቶ ትምህርት መገልገያ ማዕከል ካለው ገጹ ላይ ይጠቀስ፤ ከሌለ የሌለውን መምከር አያስፈልግም።

የመድገም ጥያቄም በዚሁ ገጽ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል። የአንለይ መልስ፦ «መድገሙን አንመክርም። ነገር ሲነበብለት ከክፍሉ እኩል ይረዳል። ዓመቱን ቢደግመው የሚያገኘው ያንኑ ትምህርት ነው፤ የጎደለው ደግሞ በዚያ ትምህርት ውስጥ የሌለው የቅጥያ ልምምድ ነው።»

ለማን ምን ይድረስ?

እናቱ በቃለ መጠይቁ ብዙ ነገር ተናግረዋል። ስለ ባላቸው፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ራሳቸው ጤና። ትምህርት ቤት የሚሄደው ወረቀት በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም፤ መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶም ሊገኝ ይችላል። መለያዬ ቀላል ነው፦ መምህሩ ይህን ባያውቅ ትምህርቱ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ? ከሌለ አይገባም። የጆሮው ነገር ይገባል፣ ዕዳው አይገባም። «በቤት ውስጥ ጫና አለ፣ የቤት ሥራው ክፍል ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል» ማለት ይበቃል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ሁለት ሪፖርት ይጽፋሉ፤ አንድ ሙሉ ለፋይል፣ አንድ አጭር ለትምህርት ቤት። ጊዜ ካለ ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለቱ ቀስ በቀስ የተለያየ ነገር መናገር ይጀምራሉ፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል። እኔ የምመርጠው አንድ ሪፖርት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ፍሬ ነገር፣ ቀጥሎ በጥያቄ የተዋቀሩ ሁለት ገጾች፣ ከዚያ ተገንጣዩ የምክር ገጽ። አባሪው ሰንጠረዥ ከባለሙያው ፋይል ጋር ይቀመጥና ሌላ ባለሙያ ሲጠይቅ በወላጅ ፈቃድ ይሰጣል። በዚህ ሦስቱም አደረጃጀቶች በየቦታቸው ይሆናሉ፤ የመምህሩ በጥያቄ፣ የባለሙያው በፈተና። ልጁ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከአባሪው ጋር አንድ ገጽ በዘርፍ ይጨመራል።

ወላጅ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ወረቀቱን ማስረከብ ብቻ አይበቃም። ፍሬ ነገሩ ያለበት ገጽ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያምርና የሚገባ መሆን አለበት። ከመፈረሜ በፊት ድምፄን አውጥቼ አነበዋለሁ። ምላሴ የተያዘበት ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው።

በመጨረሻው መስመር የድጋሚ ምዘናው ቀን ይጻፍ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከፈተና ሳምንትና ከመኸር ሥራ ውጭ። ለአንለይ እርዳታው ጥቅምት መጀመሪያ ከጀመረ 12ቱ ሳምንት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ መካከል ላይ አጨዳ ስላለ የቀረባቸውን ቀናት ቆጥሮ ወደ ጥር መግፋት ነው። ያን ቀን የሚታየው በየሁለት ሳምንቱ የተሞላው ሰንጠረዥ ነው። 14 የነበረው ወደ 25 ወይም 30 ከወጣ የጎደለው ልምምዱ ነበር ወደሚለው ያዘነብላል፤ እርዳታውም ይቀጥላል። ሥራው በትክክል ተሠርቶ፣ ጆሮውም ታይቶ 16 እና 17 ላይ ከቆመ፣ 6 ወሩ ሲሞላ ስሙን ለመስጠት የሚያበቃው ማስረጃ እሱ ነው። ሰንጠረዡ ባዶ ከሆነ ግን ስለ ልጁ የተገኘ አዲስ ነገር የለም፤ ሪፖርቱም አዲስ ነገር እንደተገኘ አድርጎ መጻፍ የለበትም።